ግፊት ያለበት ሰው ስፖርት ሲሠራ የሚሳሳታቸው ነገሮች

ግፊት ያለባቸው ሰዎች ስፖርት ሲያስቡ ብዙ ጊዜ የሚፈሩት ሩጫን ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ትንፋሻቸው ነው።

ትንፋሽን አምቆ ክብደት ማንሳት

ጂም ውስጥ ከባድ ብረት የሚያነሳ ሰው የአንገቱ ሥር ሲገተር አይታችሁ ይሆናል። ትንፋሹን አምቆ ስለሚገፋ ነው። ያኔ ደረቱ ውስጥ ያለው ጫና ይጨምራል፣ የተወጠረው ጡንቻም የደም ሥሮቹን ይጫናቸዋል። ግፊቱ በሰከንዶች ውስጥ ሽቅብ ይወጣል።

ለምሳሌ ግፊቱ 148 በ92 የሆነ የ50 ዓመት ሰው እናስብ። 20 ኪሎ ዱምቤል ትንፋሹን ይዞ አራት ጊዜ ብቻ ያነሳል። ይህ ሰው ክብደቱን ሳይጨነቅ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ሊያነሳው ወደሚችለው ያውርድ፤ 8 ኪሎ ቢሆንም ችግር የለውም። ሲያነሳ ያስወጣ፣ ሲያወርድ ያስገባ። የሚረሳ ከሆነ ጮክ ብሎ ይቁጠር። እየቆጠሩ ትንፋሽ ማመቅ አይቻልም። ቤት ውስጥ የጋዝ ሲሊንደር ወይም ውሃ የሞላ ጀሪካን ስናነሳም ያው ነው።

ሳይለኩ መጀመር

ከስፖርት በፊት አምስት ደቂቃ አረፍ ብላችሁ ተለኩ። የላይኛው ቁጥር ከ180 ወይም የታችኛው ከ110 በላይ ከሆነ የዛሬው ይቅር። ቆይታችሁ ድገሙት፤ ካልወረደ ሐኪማችሁን አማክሩ። ስፖርት እንደጨረሱ ወዲያው መለካት ደግሞ ያሳስታል፤ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

የልብ ምትን ብቻ ማመን

አቴኖሎልን የመሰሉ የግፊት መድኃኒቶች የልብ ምት እንዳይፈጥን ይይዛሉ። ስለዚህ ሰውነት ተዳክሞ ሳለ ምት የሚቆጥረው የእጅ ሰዓት ላይ ያለው ቁጥር ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። ከቁጥሩ ይልቅ ንግግራችሁን አዳምጡ። በፍጥነት ስትራመዱ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ልኩ እሱ ነው። እንጦጦ ዳገት ላይ ከሆናችሁ ይህን ልክ ቶሎ ስለምታልፉት እርምጃችሁን ቀነስ አድርጉ።

በድንገት ቀጥ ማለት

ስንንቀሳቀስ የእግር ደም ሥሮች ይሰፋሉ። ድንገት ስንቆም ደሙ እዚያው ይከማቻል፣ ጭንቅላት ይዞራል። የግፊት መድኃኒት ይህን ያባብሰዋል። የመጨረሻዎቹን 5 ወይም 10 ደቂቃዎች በዝግታ ተራመዱ።

ሐኪም ሳያማክሩ ጠንከር ያለ ስፖርት መጀመር

የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ወይም ስኳር ካለባችሁ፣ ስትሮክ ደርሶባችሁ ከነበረ፣ ወይም ለዓመታት ሳትንቀሳቀሱ ከቆያችሁ ከመሮጣችሁ በፊት ሐኪም ይያችሁ። መድኃኒቱንም «ስፖርት ጀምሬያለሁ» ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ። የለካችሁትን እየጻፋችሁ ውሰዱለት፤ መጠኑን የሚቀንሰው እሱ ነው።

እየሠራችሁ ደረታችሁን ካመማችሁ፣ ራሳችሁን ልትስቱ ከደረሳችሁ ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው አቁሙ። ሕመሙ አልተው ካለ፣ አንድ ጎን ከደከመ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፤ ያውም ሰው ይዞ፣ መኪና ራስ ሳይነዱ።