የሁለት ወር ኪራይ ላልከፈለ ተከራይ፦ በመጨረሻ የሠራው መልእክት

ተከራዬ የሁለት ወር ኪራይ ሳይከፍል ቀረ። ስደውል «በዚህ ሳምንት እልካለሁ» ይላል፤ ሳምንቱ ያልፋል። «ሲመችዎት ይላኩልኝ» ብዬ ጻፍኩ። እሱም «እሺ» አለ፤ ቀን ግን የለውም። ሙሉውን በአንዴ እንዲከፍል ስጠይቅ ጭራሽ ስልክ ማንሳት ተወ።

የሠራው ይህ ነው። በመጀመሪያ ደመወዝ የሚገባበትን ቀን ብቻ በጽሑፍ ጠየቅኩት። ሲነግረኝ እንዲህ ላክሁለት፦

«ጤና ይስጥልኝ። ያለፉት ሁለት ወራት ኪራይ እስካሁን አልደረሰኝም። ችግር እንደገጠመዎት ይገባኛል፤ ነገር ግን ከዚህ በላይ መቆየት አልችልም። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የወሩን ኪራይ ደመወዝ በገባ ማግስት ይክፈሉ። ከውዝፉ ደግሞ የግማሽ ወር ኪራይ በወሩ አጋማሽ ይጨምሩ። በ4 ወር ያልቃል። ከከበደዎት የሚችሉትን መጠን እስከ ዓርብ ይጻፉልኝ። አንድ ክፍያ ካለፈ ግን ስምምነቱ ይፈርሳል፤ በውላችን መሠረት እቀጥላለሁ።»

በማግስቱ መለሰ። ግማሹ ይከብደኛል፣ ሲሶውን ግን እችላለሁ አለ። ያ ማለት 6 ወር ነው። ተቀበልኩ፤ ሰው የማይችለውን ቃል ከሚገባ ቢረዝም ይሻላል። የክፍያ ቀኖቹን በወረቀት ጽፈን ሁለታችንም ፈረምን።

አንድ ነገር አትዝለሉ። በየደረሰኙ ላይ «የዚህ ወር ኪራይ» ወይም «ከውዝፉ» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። ካልተለየ፣ የትኛው ወር እንደተከፈለ ኋላ ያጨቃጭቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍያዎች በቀናቸው ገብተዋል።