ስኒከር ከኮትና ሱሪ ጋር ሲጣላ ጥፋቱ የማን ነው?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ወጣት ወደ ስፌት ቤቴ መጣ። ጥቁር ሰማያዊ ኮትና ሱሪ ለብሷል፤ ከሥር ነጭ የቆዳ ስኒከር አድርጓል። ልብሱ ደህና ነው፣ ጫማውም አዲስ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ልጁ እየተለባበሰ ሳለ በር ተንኳክቶበት የወጣ ይመስላል። «ጋሼ፣ ጫማው ነው አይደል ያበላሸው?» አለኝ።

ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚጠይቀው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሱሪው ላጠፋው ጥፋት ጫማው ይወቀሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የማደርገው ምርመራ አጭር ነው። ያንኑ ልብስ ከተለመደው የቆዳ ጫማ ጋር አስለብሰዋለሁ። ቅር የሚያሰኘው ነገር በቆዳ ጫማም ከቀጠለ፣ ልብሱ ራሱ ልክ አይደለም፤ ስኒከሩ ነፃ ነው። በቆዳ ጫማ ከጠፋ ደግሞ ችግሩ ሱሪውና ጫማው በሚገናኙበት ቦታ ነው፣ አለዚያም ስኒከሩ ራሱ ወይም ኮቱ ለዚህ የማይሆን ዓይነት ነው።

ምልክት፦ ሱሪው ጫማው ላይ ይከመራል፣ ከኋላ መሬት ይጠርጋል

የልጁ ችግር ይኸው ነበር፤ ከሚመጡልኝ ውስጥም አብዛኛው ይኸው ነው። የተለመደው የቆዳ ጫማ ተረከዝ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍታ አለው፤ ፊቱም ለስላሳና ዝቅ ያለ ስለሆነ ጨርቁ ተንሸራቶ ይወርድበታል። ስኒከር ግን ከፊትም ከኋላም ጠፍጣፋ ነው ማለት ይቻላል። ሰውየው በተረከዙ በኩል ዝቅ ይላል። በዚያ ላይ የጫማው ምላስ ወፍራም ነው፣ ክሩም ሻካራ ነው፤ ጨርቁ እዚያ ይያዝና ይታጠፋል። ለቆዳ ጫማ በልኩ የተቀመቀመ ሱሪ ስኒከር ላይ ሲያርፍ ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሠራው ለዚህ ነው። ዓይን ያንን እጥፋት ሲያይ «የታላቅ ወንድሙን ሱሪ ለብሷል» ይላል።

መፍትሄው ማሳጠር ነው፤ ግን ምን ያህል? ስኒከሩን አድርገህ፣ ሱሪውን ሁልጊዜ በምትታጠቅበት ወገብ ላይ ታጥቀህ ቀጥ ብለህ ቁም። ራስህ ጎንበስ ብለህ አትለካ፤ ስትጎነበስ ሱሪው ከኋላ ወደ ላይ ይሳባል፣ ልኩም ይሳሳታል። የሱሪው ጫፍ ከፊት ምላሱን ነካ ብቻ እንዲያደርግ፣ ከኋላ ደግሞ የጫማውን አፍ ሸፍኖ እንዲቆም በስፒል ይያዝ። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ሂድ፣ ተመለስና እንደገና ቁም። ጨርቁ ተይዞ ከቀረ ገና ረጅም ነው ማለት ነው።

የልጁ ሱሪ የውስጥ እግሩ 81 ሴንቲ ሜትር ነበር። 78 ላይ በሳሙና ቁራጭ ምልክት አደረግሁለት። የእግሩ አፍ ጠፍጣፋ ተዘርግቶ ሲለካ 21 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ማሳጠር ብቻውን አይበቃም ነበር፤ አፉ ሰፊ ሆኖ ካጠረ እንደ ደወል ይወዛወዛል። ከጉልበት ጀምሬ ቀስ በቀስ እየጠበበ 18 ላይ እንዲደርስ አደረግሁት። ከ17 በታች እንድወርድ የሚለምኑኝ አሉ፤ እምቢ እላለሁ። የጠበበ አፍ ጫማውን ጀልባ ያስመስለዋል፣ ሲቀመጡም ባት ላይ ተይዞ ይቀራል።

ሁለት ነገር ለሰፊህ ንገረው። አንደኛ፣ የሱሪው ጫፍ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ። አንዳንዱ ሰፊ ከኋላ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አስረዝሞ ወደ ኋላ ያዘነብለዋል፤ ይህ ተረከዝ ላለው ጫማ ጥሩ ነው፣ ስኒከር ላይ ግን መሬት ይስማል። ሁለተኛ፣ የተረፈውን ጨርቅ አይቁረጠው። ቢያንስ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ታጥፎ ይቀምቀም። ክብደቱ ራሱ ሱሪውን ቀጥ አድርጎ ያወርደዋል።

ምልክት፦ ሱሪው ልክ ነው፣ እግር ግን ከሰውነት ይበልጣል

እዚህ ላይ በእርግጥ ጫማው ነው ጥፋተኛው። የሩጫ ጫማ ለሩጫ ነው የተሠራው፦ ሶሉ ወፍራም፣ ጎኑ በቀለምና በመስመር የተሞላ፣ ላዩ ወንፊት የመሰለ። ከተተኮሰ ሱሪ ሥር ሲገባ ዓይን ሁሉ ወደ መሬት ይወርዳል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ዝቅ ያለ፣ ፊቱ ቀጠን ያለ፣ ላዩ ለስላሳ ቆዳ የሆነና ከሞላ ጎደል አንድ ቀለም ያለው ነው። ነጭ የግድ አይደለም። ለጥቁር ግራጫ ሱሪ ጥቁር ቡናማ ስኒከር ከነጩ የበለጠ ጸጥ ይላል፤ እኔ እንዲያውም ለጀማሪ እርሱን ነው የምመርጠው።

ምልክት፦ ከወገብ በታች ምንም እንከን አይወጣለትም፣ አጠቃላዩ ግን አይዋሃድም

ኮቱን እይ። ትከሻው በድጋፍ የተሞላ፣ ጨርቁ የሚያብረቀርቅ፣ ኮሌታው ወደ ላይ የሾለ ከሆነ፣ ያ ኮት ክራባትና የቆዳ ጫማ እንዲጠራ ሆኖ ነው የተሰፋው። ስኒከር ስታደርግለት ግማሹ ሰርግ፣ ግማሹ ገበያ ይሆናል። ይህንን ሰፊ አያድነውም፤ ትከሻን ፈትቶ እንደገና መሥራት ከአዲስ ኮት የማይተናነስ ወጪ ነው። መፍትሄው ኮቱን መቀየር ነው። ጨርቁ የማያብረቀርቅና ሻከር ያለ፣ ትከሻው ለስላሳ፣ ገበሩ ግማሽ ብቻ የሆነ፣ ኪሱ ከላይ የተለጠፈ ኮት ከስኒከር ጋር ይስማማል። ከውስጥ ክራባቱን ትተህ ሸሚዝ ወይም ቀጭን ሹራብ አድርግ። ለለቅሶና ለፍርድ ቤት ግን የትኛውም ስኒከር ይቅርብህ።

ምልክት፦ ጠዋት ጥሩ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ተበላሸ

አቧራና ጭቃ ነው። የቆዳ ጫማ ትንሽ አቧራ ይቅር ይለዋል፤ የስኒከር ነጭ ጎማ ግን አይምርም። ጎማውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ፈትገህ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ክሩን አውጥተህ ለብቻው እጠብ፤ ጫማው ጸድቶ ክሩ ግራጫ ከሆነ ሁሉም ያረጀ ይመስላል። በረኪና አትንካ፤ ነጩን ወደ ቢጫ ይለውጠዋል። ሊስትሮ ጋ ከሄድክም ቀለም እንዳይቀባ አስቀድመህ ንገረው፤ ስፌቱ ውስጥ የገባ ቀለም አይወጣም።

ልጁ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። የእህቱ ሰርግ ደርሶ ነበር፤ ያንኑ ሱሪ በቆዳ ጫማ ሲለብሰው ካልሲው በጣም ይታያል። አንድ ሱሪ ለሁለቱም ጫማ እኩል እንደማይሆን ነግሬው ነበር፣ አልሰማኝም። የታጠፈውን ፈትቼ 3 ሴንቲ ሜትር መልሼ አወረድኩት። የድሮው እጥፋት መስመር እንዳይቀር ውሃና ትንሽ ኮምጣጤ የነካ ጨርቅ ደርቤ በካውያ ተጫንኩት። ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ነው የለቀቀው።