ጠርሙስ የያዘ እጅ በኤአይ ምስል ላይ እውነተኛ እንዲመስል

በኤአይ የምርት ማስታወቂያ ምስል ስታሠሩ «ጠርሙስ የያዘ እጅ» ብላችሁ ብቻ ካዘዛችሁ፣ ጣቶቹ ከጠርሙሱ ጋር ሊዋሃዱ ወይም ጽሑፉን ሊሸፍኑት ይችላሉ። ስለዚህ አያያዙን ጣት በጣት ግለጹት፤ ለ30 ሚሊ ሊትር የጥቁር አዝሙድ ዘይት ባለ ማንጠብጠቢያ ጠርሙስ፣ ለምሳሌ «አውራ ጣት በአንድ ጎን፣ ጠቋሚና መሐል ጣት በተቃራኒው ጎን፣ የቀሩት ሁለቱ ታጥፈው፣ ጽሑፉ ወደ ካሜራው ዞሮ» ብላችሁ ጻፉ። መጠኑን በሴንቲ ሜትር ከመጻፍ ይልቅ «ክዳኑን ጨምሮ ከመሐል ጣት ጥቂት የሚረዝም» ማለት ይሻላል።

በተከታታይ ምስሎች ይበልጥ የሚያስቸግረው የቆዳው ቀለም ነው። «ጥቁር ቆዳ» የሚለው ሰፊ አገላለጽ በመሆኑ በየምስሉ ይለዋወጣል፤ በምትኩ «ሞቅ ያለ ጥልቅ ቡናማ፣ መዳፉና ጥፍሮቹ ፈካ ያሉ» የሚለውን፣ ብርሃኑን ከሚገልጸው ዓረፍተ ነገር ጋር፣ አንድም ቃል ሳትለውጡ በእያንዳንዱ ትእዛዝ ድገሙት፤ መሣሪያው ከፈቀደም የመጀመሪያውን ጥሩ ምስል በማጣቀሻነት አያይዙ። ከዚያም ከየምስሉ የእጁን ጀርባ ቆርጣችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዱ ቀላ ብሎ ከታየ፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ «የማታ ፀሐይ» ከመሰለ የዳራ ቃል ስለሚመጣ፣ የቆዳውን መግለጫ ሳትነኩ እሱን አውጡት።