ኦኤልኤስ «ያልተዛባ ነው» ስንል የምንስታቸው ነገሮች

ባለፈው ሰሞን ጎንደር ፒያሳ ቡና ይዘን ተቀምጠን፣ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፗን ወደ እኔ አዞረችው። ከደምቢያ ገበሬዎች የሰበሰበችው የጤፍ ዳታ ነው። በአንድ በኩል የተጨመረው ማዳበሪያ፣ በሌላ በኩል የተገኘው ምርት።

«መምህር፣ የኖርማሊቲ ቴስቱ ወደቀብኝ። ስሎፑ ተዛባ ማለት ነው?»

አይደለም። የእሷ ስሎፕ እውነትም ችግር ነበረበት፤ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። ሶፍት ላይ ሦስት ማሳ ሣልኩላት። ያንኑ እዚህ ልድገመው።

ሦስቱም ማሳዎች አንድ አንድ ሄክታር ናቸው። የመጀመሪያው ምንም ማዳበሪያ የለውም፣ ሁለተኛው 1 ኩንታል፣ ሦስተኛው 2 ኩንታል አለው። እውነተኛውን ነገር እኛ እናውቃለን እንበል፦ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ 4 ኩንታል ጤፍ ይጨምራል። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፤ ለግብርና ምክር አይሆኑም።

```
y = 8 + 4x + u
x = 0, 1, 2
```

`y` ምርቱ፣ `x` ማዳበሪያው ነው። `u` ደግሞ ኤረር የምንለው፣ ከማዳበሪያ ውጭ ያለው ሁሉ ነው፦ አፈሩ፣ አረሙ፣ በረዶው። ኦኤልኤስ በነጥቦቹ መካከል የሚያልፈውን መስመር የሚያሰምርልን ዘዴ ነው። ቀመሩን በእነዚህ ሦስት ማሳዎች ላይ ስንሠራው የመስመሩ ስሎፕ `b` እንዲህ ያጥራል፦

```
b = (y3 - y1)/2 = 4 + (u3 - u1)/2
```

መካከለኛው ማሳ ከስሌቱ ወጣ። የ`x` አማካይ ላይ ስለተቀመጠ በስሎፑ ላይ ድምፅ የለውም። ምስኪኑ ገበሬ በከንቱ ለፋ። ለእኛ የሚያስፈልገው ግን የቀረው ቁራጭ ነው። ስሎፑ ያልተዛባ ነው ማለት `(u3 - u1)/2` በአማካይ ዜሮ ነው ማለት ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

ስህተት አንድ፦ ኤረሩ ኖርማል ካልሆነ ስሎፑ ይዛባል ማለት

ከላይ ያለውን መስመር ደግማችሁ እዩት። የደወል ቅርጽ የሚባል ነገር የትም አልገባም። የገባው አማካይ ብቻ ነው።

በቁጥር እንፈትሸው። ሦስት ዓይነት መሬት አለን፦ ምርት በ2 ኩንታል የሚቀንስ ደካማ መሬት፣ መካከለኛ መሬት፣ እና በ2 ኩንታል የሚጨምር ለም መሬት። ስለዚህ `u` ከ -2፣ 0 እና 2 አንዱ ነው። ይህ ከኖርማል ጋር ዝምድናም የለው። የትኛው መሬት ስንት ማዳበሪያ ይውሰድ የሚለውን በዕጣ እንወስን። ዕጣው በስድስት ዓይነት ሊወጣ ይችላል፣ ስሎፖቹም እነዚህ ናቸው፦

```
6, 5, 5, 3, 3, 2
```

ደምሩና ለ6 አካፍሉ። 24 ሲካፈል ለ6፣ 4። እውነተኛው ቁጥር። ኤረሮቹ እርስ በርስም ነጻ እንዳልሆኑ ልብ በሉ፤ ለሙ መሬት ለአንዱ ከደረሰ ለሌላው አይደርስም። እንዲያም ሆኖ አማካዩ አልተነቃነቀም። ኖርማሊቲ የሚያስፈልገን ዳታችን ትንሽ ሆኖ በቲ ሰንጠረዥ ልክክ ያለ ቴስት መሥራት ስንፈልግ ነው።

ስህተት ሁለት፦ «ያልተዛባ» እና «ትክክል» አንድ ናቸው ማለት

ከስድስቱ ስሎፖች ውስጥ 4 የሆነ አለ? አንድም የለም። ያልተዛባ የሚባለው ዘዴው ነው፣ እጃችን ላይ ያለው ቁጥር አይደለም። የእኛ ዕጣ 2ን ያወጣ እንደሆነ 2ን ይዘን ወደ ቤት እንገባለን። ስለዚህ «የእኔ ውጤት ያልተዛባ ነው» ብሎ መጻፍ አባባሉ ራሱ ልክ አይደለም።

ስህተት ሦስት፦ ሆሞስኬዳስቲሲቲ፣ ማለትም የኤረሩ ቫሪያንስ እኩል መሆን፣ ግዴታ ነው ማለት

አሁን ዕጣውን እንተወውና `u1` ከ1 እና ከ -1፣ `u3` ደግሞ ከ4 እና ከ -4 በሳንቲም ይውጣ እንበል። ማዳበሪያ የበዛበት ማሳ ምርቱ በጣም ይዋዥቃል። አራቱ ስሎፖች 6.5፣ 5.5፣ 2.5 እና 1.5 ይሆናሉ። አማካያቸው አሁንም 4 ነው።

ውዥንብሩ የመጣው ከጋውስ-ማርኮቭ ቴረም ይመስለኛል። ክፍል ውስጥ ግምቶቹን በአንድ ትንፋሽ ደርድረን እናስተምራለን፣ ተማሪው ሁሉም ለሁሉም ያስፈልጋሉ ብሎ ይሄዳል። የኤረሩ ቫሪያንስ እኩል መሆንና ኤረሮቹ አለመዛመዳቸው የሚፈለጉት ኦኤልኤስ ካልተዛቡት መስመራዊ ዘዴዎች ሁሉ ትንሹ ቫሪያንስ ያለው ነው ለማለት ነው። እነሱ ሲጎድሉ የሚበላሸው የተለመደው ስታንዳርድ ኤረር ነው፤ ለዚያ ሮበስት ስታንዳርድ ኤረር አለ። ስሎፑን ተዉት።

ስህተት አራት፦ ረዚጁዋሉን አይቶ «ችግር የለም» ማለት

ዋናው ይሄ ነው፤ እኔም ተማሪ ሆኜ ሠርቼዋለሁ። ረዚጁዋሉ፣ ማለትም ነጥቡ ከተሰመረው መስመር የራቀበት ልክ፣ ከ`x` ጋር ያለውን ኮሪሌሽን አስልቼ፣ ዜሮ ሲወጣ ደስ ብሎኝ ጥናቴ ውስጥ ጻፍኩት። አማካሪዬ ሳቀ። ከዜሮ ሌላ ሊወጣ አይችልም ነበርና። ኦኤልኤስ መስመሩን የሚያሰምረው ረዚጁዋሉ ከ`x` ጋር እንዳይዛመድ አድርጎ ነው። ስለ እውነተኛው `u` ምንም አይነግረንም።

ወደ ማሳዎቹ እንመለስ። አሁን ዕጣ የለም፤ ገበሬው ራሱ ይወስናል። ብልህ ገበሬ ደግሞ ገንዘቡን ለሚክሰው መሬት ያፈሳል። ደካማው መሬት ባዶውን ቀረ፣ ለሙ 2 ኩንታል ወሰደ። ምርቱ 6፣ 12 እና 18 ሆነ። ስሎፑ 6። መስመሩ ሦስቱንም ነጥቦች ይነካል፣ ረዚጁዋሉ ሁሉ ዜሮ ነው፣ አር ስኩዌር 1 ነው። ከዚህ የተዋበ ሪግሬሽን ከየት ይመጣል! ግን 2 ኩንታሉ ከአፈሩ የመጣ ነው፣ ማዳበሪያው ላይ ተጻፈ። ሌላ መቶ መንደር ሄዳችሁ ብትደግሙት፣ ገበሬው እንዲሁ እስከመረጠ ድረስ፣ እዚያው 6 ላይ ትወድቃላችሁ።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ግምት ይኸው ነው፦ `x` ምንም ይሁን ምን የ`u` አማካይ አይለወጥም። እውነተኛው ግንኙነት ቀጥ ያለ መስመር መሆኑና `x` መለያየቱ ሲጨመሩበት በቃ። ሦስቱም ማሳዎች እኩል ማዳበሪያ ቢወስዱ ለዜሮ ማካፈል ስለሚሆን ስሎፕ የሚባል ነገር አይኖርም።

ስህተት አምስት፦ የዚያውን ዓመት ብቻ አይቶ «ችግር የለም» ማለት

አንድን ማሳ ለብዙ ዓመት የሚከታተል ሰው አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለው። አምና በረዶ የመታው ገበሬ ዘንድሮ ማዳበሪያ መግዣ ያጣል። የዘንድሮው `x` ከዘንድሮው `u` ጋር ባይገናኝም ከአምናው `u` ጋር ተገናኘ። በቀመሩ ውስጥ የሁሉም ዓመት `x` አማካይ ስላለ፣ ይህም ስሎፑን ያዛባል። በዓመታት ብዛት ዝንፈቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ አምስት ስድስት ዓመት ብቻ ላለው ግን ቀላል አይደለም።

ተማሪዋን «ማዳበሪያውን ማን ብዙ ገዛ?» አልኳት። ትንሽ አሰበች። «ዋልካ መሬት ያላቸው።» መጠይቋ ላይ የአፈር ዓይነት የሚል ጥያቄ ነበረ፤ መልሱን ኢንኮድ አድርጋዋለች፣ ሞዴሉ ውስጥ ግን አላስገባችውም። እዚያው አስገባችው። ስሎፑ ወረደ። ገበሬው የሚያውቀውና መጠይቁ ያልጠየቀው ሌላ ነገር ካለ ገና ይወርድ ይሆናል፤ ያንን ለማወቅ ተመልሶ ደምቢያ መውረድ ነው። የኖርማሊቲ ቴስቱ እንደወደቀ ነው።