ኢአርፒኔክስት ፔይሮል፦ ትርፍ ሰዓት ሲጨምር ጡረታም ከጨመረ

ምልክት፦ ሠራተኛው ትርፍ ሰዓት በሠራበት ወር የጡረታ ተቀናሹ ከፍ ይላል። የአንድ ሰው የሁለት ወር የደመወዝ ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡ። መሠረታዊ ደመወዙ ሳይለወጥ ጡረታው ከተለወጠ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

መንስኤ፦ ፎርሙላው `gross_pay` ላይ ተሠርቷል። የግል ድርጅት ጡረታ፣ ከሠራተኛው 7 ከአሠሪው 11 በመቶ፣ የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው። የገቢ ግብሩ ግን ትርፍ ሰዓቱንም ይጨምራል፤ ጡረታውም ከግብሩ በፊት አይቀነስም።

ደመወዙ 10,400 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። ለ208 ሰዓት ሲካፈል የሰዓቱ 50 ብር ነው። በወሩ የሥራ ቀናት በድምሩ 12 ሰዓት በ1.5 ሲታሰብ 900፣ በዕረፍት ቀኑ 4 ሰዓት በ2 ሲታሰብ 400 ብር ይሆናል። ጠቅላላው 11,700 ነው። ግብሩ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሠንጠረዥ የጠቅላላው 30 በመቶ ተሰልቶ ከዚያ ላይ 1,350 ሲቀነስ 2,160 ብር ነው። ጡረታው 728። የተጣራው 8,812። የተሳሳተው ፎርሙላ ግን ጡረታውን 819 ያደርገዋል፤ ድርጅቱም 143 ብር ያለአግባብ ይጨምራል።

አንድ ፋብሪካ ውስጥ በበዓል ቀን በ2.5 እጥፍ የሠሩት ጥበቃዎች ሲጠይቁ "ብዙ ስለሠራችሁ ነው" ተብለው ተመልሰው ነበር። ይህ መልስ ያናድደኛል፤ ሠራተኛው ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ፎርሙላውን ክፈቱ።

መፍትሔ፦

```
BS * 0.07
```

`BS` ለመሠረታዊ ደመወዝ የሰጣችሁት `Abbr` ነው። ለአሠሪው በ0.11 አባዙ።

ተጠንቀቁ፦ `Salary Component` ላይ ብቻ አስተካክላችሁ አትውጡ። ፎርሙላው በየ`Salary Structure`ው ተገልብጦ ስለሚቀመጥ አሮጌው ሊቀጥል ይችላል። ለቋሚና ለኮንትራት የተለያየ መዋቅር ካላችሁ ሁሉንም አንድ በአንድ ክፈቱ። ቀድሞ የጸደቀ የደመወዝ ወረቀት በራሱ አይታረምም፤ ተሰርዞ እንደገና ይሠራል።

ምልክት፦ ለኮንትራት ሠራተኞች ጡረታ ጭራሽ አይቀነስም።

መንስኤ፦ ያዋቀረው ሰው ይህን ሁኔታ ጽፏል።

```
employment_type == "Full-time"
```

የጊዜ ገደብ ያለው ውል ከጡረታ አያስወጣም፤ ቅጥሩ 45 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ ይመለከተዋል። መካተት ያለባቸውን ከመዘርዘር የሚወጡትን ብቻ ለዩ፦ ከ45 ቀን በታች የተቀጠሩትንና የውጭ ዜጎችን። ትውልደ ኢትዮጵያውያንን ግን ከውጭ ዜጎቹ ጋር ደርባችሁ እንዳታስወጡ።

ምልክት፦ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ላይ ግብር ዜሮ ነው።

መንስኤ፦ `Additional Salary` የተመዘገበው የደመወዝ ወረቀቱ ከጸደቀ በኋላ ነው፤ ክፍያውም ለብቻው ወጥቷል። ከላይ ያለው 1,300 ብር ብቻውን ከ2,000 በታች ስለሆነ ግብር አይነካውም፤ በዚያ ሠራተኛ ላይ ብቻ 390 ብር ሳይያዝ ይቀራል። የወሩን ወረቀት ሰርዙና ሁለቱን ባንድ ላይ አውጡ።

አማካሪዎች ፔይሮል ውስጥ ከተገኙ አውጧቸው፤ የሚያዝባቸው ዊዝሆልዲንግ ነው።