የአንዱ ዋጋ ለአምስቱ ሲደርስ፦ የCc፣ የBcc እና የReply all ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት የባሕር ዳር የጉዞ ወኪሎች ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ለበዓሉ ጎንደር የሚመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ጣናን ሳያይ መመለስ ስለማይፈልግ ጀልባ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። እንዲህ ባለ ሰሞን፣ በኮምፒውተር ጉዳይ አልፎ አልፎ የማግዘው የአንድ አነስተኛ ወኪል ቤት ኃላፊ ደውላ «ወንድሜ፣ ኢሜይላችን ሳይጠለፍ አልቀረም፤ እባክህ ብቅ በልና እየው» አለችኝ። 18 እንግዶችን ዘጌ አድርሶ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አስጎብኝቶ ለመመለስ ስንት እንደሚጠይቁ ለአምስት የጀልባ ባለቤቶች ጽፋ ነበር። የመጀመሪያው 16,000 ብር ብሎ መለሰ። ቀጥለው የመጡት ሦስቱ 15,900፣ 15,800 እና 15,700 ብር ሆኑ፤ አምስተኛው ደግሞ መጻፉን ትቶ በስልክ «ከሁሉም 200 ብር እቀንስልሻለሁ» አላት። የሌሎቹን ዋጋ ከየት አወቀው?

ኢሜይሉ አልተጠለፈም ነበር። ነገሩን ለመረዳት የተላከውን መልእክት ከSent ውስጥ ከፍቶ የአድራሻ መስመሮቹን ማንበብ ብቻ በቂ ሆነ።

ምልክት፦ ለአንድ ሰው የተጻፈ መልስ ሌሎች ዘንድም ደርሷል

መንስኤው ሁለት እጅ ያለበት ነው። አንደኛው የላኪዋ ነው፤ የመጀመሪያውን የጀልባ ባለቤት To በሚለው መስመር ላይ፣ የቀሩትን አራቱን Cc በሚለው ላይ ጽፋቸዋለች። Cc ማለት በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ፣ ከፊርማውና ከማኅተሙ በታች «ግልባጭ» ብለን የምንዘረዝረው ነገር ነው፤ ስሙም የመጣው በታይፕ መጻፊያ ዘመን በወረቀቶች መካከል ይገባ ከነበረው ካርቦን ነው። ግልባጭ የተደረገለት ሰው ደብዳቤውን ለማወቅ ያህል ያነበዋል፣ መልስ አይጠበቅበትም፤ ነገር ግን ዋናው ተቀባይም ሆነ የግልባጩ ተቀባዮች እያንዳንዳቸው የሌላውን ስምና አድራሻ ያያሉ። ስለዚህ አምስቱ የጀልባ ባለቤቶች ዋጋ ከመጻፋቸው በፊት እነማን እንደሚወዳደሯቸው አውቀው ነበር።

ሁለተኛው እጅ የመላሹ ነው። የመጀመሪያው የጀልባ ባለቤት ዋጋውን የጻፈው በReply all ነው። Reply መልሱን ለላኪው ብቻ ይወስዳል። Reply all ግን ለላኪው፣ በTo ላይ ላሉት ሁሉ እና በCc ላይ ላሉት ሁሉ ይልካል፤ በውስጡ የተጻፈው ዋጋ ይሁን ሰላምታ አይመረምርም። ሰውየው ሆን ብሎ አላደረገውም። መልሱን የጻፈለት የወንድሙ ልጅ ነበር፤ በላፕቶፑ ላይ ያለው ጂሜይል ደግሞ ሁልጊዜ Reply all እንዲያስቀድም ተደርጎ ቆይቷል። ሌሎቹ የእሱን 16,000 ብር ካዩ በኋላ እነሱም በዚያው መንገድ እየመለሱ መቶ መቶ ብር ቀነሱ።

እኔ በዚህ ነገር የማዝነው በመላሹ አይደለም። በጨረታ ቋንቋ ብንናገር፣ ዋጋ የሚቀርበው በታሸገ ኤንቨሎፕ ነው፤ ላኪዋ ግን ኤንቨሎፑን ሳታሽግ ሳጥኑን ክፍት አድርጋ ነው ያስቀመጠችው።

መፍትሄ፦ በላኪው በኩል

እርስ በርስ መተያየት የሌለባቸውን ሰዎች Bcc በሚለው መስመር ላይ መጻፍ ነው፤ በአማርኛ ስውር ግልባጭ ልንለው እንችላለን። ጂሜይል ላይ አዲስ መልእክት ሲከፈት መስመሩ አይታይም፤ በኮምፒውተር በTo መስመር ቀኝ ጫፍ ያለውን Bcc የሚለውን ቃል፣ በስልክ ደግሞ በዚያው ቦታ ያለችውን ወደ ታች የምታመለክት ቀስት መንካት ያስፈልጋል። በTo ላይ የራስን አድራሻ፣ በBcc ላይ አምስቱን አድራሻዎች ጽፎ መላክ ነው። አድራሻዎቹ ቀድመው በCc ላይ ከተጻፉ ማጥፋት አያስፈልግም፤ በኮምፒውተር ሲሆን እያንዳንዱን በማውዝ ይዞ ወደ Bcc መጎተት ይቻላል።

ይህ ለምን እንደሚሠራ ማወቅ በኋላ ከመጠራጠር ያድናል። ኢሜይል ሲላክ አድራሻ ሁለት ቦታ ይጻፋል፤ አንዱ በፖስታው ላይ ነው፣ ሌላው በውስጡ ባለው ደብዳቤ ራስጌ ላይ ነው። አድራሹ ሰርቨር የሚሠራው በፖስታው ላይ ባለው ነው፤ አንባቢው የሚያየው ደግሞ ራስጌውን ነው። የBcc አድራሻዎች ፖስታው ላይ ይሰፍራሉ፣ ራስጌው ላይ ግን አይቀሩም። ስለዚህ ከአምስቱ ለአንዱ የደረሰው መልእክት ራስጌ የሚመስለው እንዲህ ነው፦

```
From: wekil@example.com
To: wekil@example.com
Subject: የጀልባ ዋጋ ጥያቄ
```

ከተቀባዮቹ አንዱ በስህተት Reply all ቢጫንም በራስጌው ላይ ከላኪዋ በቀር ሌላ አድራሻ ስለሌለ መልሱ ወደ እሷ ብቻ ይሄዳል። እርግጠኛ መሆን የፈለገ ሰው ሌላ የራሱን አድራሻ በBcc ላይ ጨምሮ ይላክና፣ በዚያ አድራሻ የደረሰውን ከፍቶ በሦስቱ ነጥቦች ውስጥ Show original የሚለውን ይመልከት፤ የሌሎቹን አድራሻ አያገኝም። በራሱ Sent ውስጥ ያለው ቅጂ ግን የBcc ዝርዝሩን ለእሱ ለላኪው ያሳየዋል፤ ይህን አይተው ብዙ ሰዎች «ተገለጠብኝ» ብለው ይደነግጣሉ፣ የሚያስደነግጥ ነገር ግን የለውም።

ስውር ግልባጭ የራሱ ድክመትም አለው። ስሙ የማይታይበት መልእክት የደረሰው ሰው ነገሩ እሱን የሚመለከት ስለማይመስለው ችላ ሊለው ይችላል። በእኔ አስተያየት ተቀባዮቹ አምስት ብቻ ከሆኑ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቶ አምስት መልእክት ለየብቻ መላክ ይሻላል፤ አሥር ደቂቃ አይወስድም። Bcc የሚጠቅመው ቁጥሩ ሲበዛ፣ ለምሳሌ የመነሻ ሰዓት መለወጡን ለ40 እንግዶች ማሳወቅ ሲያስፈልግ ነው።

መፍትሄ፦ በመላሹ በኩልና ከተላከ በኋላ

የወንድሙ ልጅ ላፕቶፕ የተስተካከለው በሁለት ደቂቃ ነው። ጂሜይል ላይ ባለ ጥርስ ክብ ምልክቱን ተጭኖ See all settings ውስጥ በመግባት፣ General በሚለው ገጽ Default reply behavior ከሚለው ፊት ለፊት Reply የሚለውን መምረጥ፣ ከዚያም ከገጹ ግርጌ Save Changes የሚለውን መጫን ነው። ይህን የመጨረሻ ጭነት የሚረሱ ብዙዎች ናቸው፤ ካልተጫነ ምርጫው አይጸናም። እዚያው ገጽ ላይ Undo Send የሚል አለ፤ ሳይነካ ከቆየ የሚሰጠው 5 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ወደ 30 ከፍ ማድረግ ይገባል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን ከሌላው ሰው ሳጥን የገባን መልእክት መመለሻ የለም። አውትሉክ ላይ ያለው የመመለሻ ትእዛዝም የሚሠራው ላኪውና ተቀባዩ በአንድ ድርጅት ሥር ሲሆኑ እንጂ ወደ ጂሜይል ለሄደ መልእክት አይደለም።

ኃላፊዋ ያደረገችው የመጀመሪያውን ጥያቄ መሰረዝ ነው። የጉዞውን ዝርዝር ለወጠች፤ መነሻውን ወደ ጠዋት 1 ሰዓት አመጣችው፣ የምሳ ቆይታ ጨመረች፣ ከዚያ ለአምስቱም ለየብቻ ጻፈች። የቀድሞውን ምልልስ በመቀጠል ሳይሆን በአዲስ መልእክት መጻፏ አስፈላጊ ነበር፤ በአሮጌው ላይ ብትቀጥል ኖሮ የቀድሞዎቹ ዋጋዎች ሁሉ ከሥር ተያይዘው በሄዱ ነበር። በሁለተኛው ዙር የመጡት ዋጋዎች ከ13,500 እስከ 17,000 ብር ተራርቀው መጡ።

ምልክት፦ በስውር ግልባጭ የነበረው ሰው ራሱን ገለጠ

እዚያው ቢሮ ሌላ ቀን የሆነ ነው። በዝናብ ምክንያት ጉዞው ስለተሰረዘበት ቅር ላለው እንግዳ ሠራተኛው መልስ ሲጽፍ፣ የቢሮው ባለቤት እንዲያውቁት ብሎ በBcc አስገባቸው። ጋሼ በስልካቸው ከፍተው «ገንዘቡን እንዳትመልስለት፣ ዝም በለው» ብለው በReply all ጻፉ፤ መልሱ ለሠራተኛውም ለእንግዳውም ደረሰ።

መንስኤው ብዙዎች የሚስቱት ነው። Bcc ሰውን ከሌሎች ዓይን ይሰውራል እንጂ ከእሱ ዓይን ሌሎችን አይሰውርም። በስውር የገባው ሰው To እና Cc ላይ ያሉትን ስለሚያይ፣ የእሱ Reply all ወደ እነሱ ይሄዳል። እዚህ የሚሻለው መልእክቱን ለደንበኛው ብቻ ልኮ፣ ከዚያ ከSent ውስጥ አውጥቶ Forward በሚለው ለኃላፊው መላክ ነው፤ በዚህ መንገድ የደረሰው ሰው Reply all ቢልም መልሱ ላስተላለፈለት ሠራተኛ ብቻ ይሆናል። ተቀባዩም በበኩሉ መልስ ከመጻፉ በፊት አድራሻውን To ወይም Cc ላይ ይፈልግ፤ ከሁለቱም ካጣው ወይ በስውር ነው የገባው፣ ወይ በቡድን አድራሻ በኩል ነው የደረሰው፤ በሁለቱም ሁኔታ Reply all አይነካም።

ምልክት፦ ማወቅ የነበረበት ሰው «አልሰማሁም» ይላል

ይህ የተቃራኒው ስህተት ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ በCc ውስጥ እያሉ የጀልባው ባለቤት «ቅድሚያ ክፍያ 5,000 ብር ይሁን» ሲል በReply ብቻ ከመለሰ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ምልልስ ሁሉ ሒሳብ ሠራተኛዋን ትቶ ይቀጥላል። በBcc የገባ ሰውም እንዲሁ የሚያየው ያንን አንድ መልእክት እንጂ ተከታዩን አይደለም። መፍትሄው የጎደለውን ሰው በቀጣዩ መልስ በCc መጨመርና «እትዬን ለክፍያው በግልባጭ ጨምሬያቸዋለሁ» ብሎ በመጀመሪያው መስመር መግለጽ ነው፤ ከመላክ በፊት ግን ከሥር የተጠቀሰውን የቀድሞ ምልልስ ማንበብ ያስፈልጋል፣ አዲሱ ተቀባይ ያንንም ያያልና። Reply እና Reply all አባሪ ፋይሎችን ይዘው ስለማይሄዱ፣ የውሉ ፒዲኤፍ ለእትዬ እንዲደርሳቸው ከተፈለገ እንደገና መያያዝ አለበት።