ማሽኑ አንድ፣ ትዕዛዙ ብዙ፦ የቱን ምርት እናስቀድም?

በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ የምርት ዕቅድ አወጣ ነበር። ትልቅ ኢንጀክሽን ማሽን ያለን አንድ ብቻ ነው። ወንበሩም፣ የጠርሙስ ሳጥኑም፣ ባልዲውም ከእሱ ነው የሚወጡት፤ ሞልድ እየቀያየርን እንሠራለን። ትዕዛዙ ማሽኑ ከሚችለው በላይ ስለነበር በየሳምንቱ የቱን እናስቀድም የሚል ክርክር ይነሳል። የሽያጭ ሰዎች ወንበር ይላሉ፣ ሒሳብ ክፍል ባልዲ ይላል። ሁለቱም ቁጥር ይዘው ነው የሚመጡት። ሁለቱም ግን ትክክል አልነበሩም።

ስሌቱን ያኔ በሠራንበት መንገድ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹን ለሒሳብ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። ገንዘቡን በፈለጋችሁት ምንዛሪ አስቡት።

1. ማነቆው በእርግጥ ማሽኑ መሆኑን እዩ

ይሄ ረጅም ጊዜ አይፈጅም። ማሽኑ ቀን ከሌት እየሠራ ትዕዛዝ የሚጠራቀም ከሆነ፣ እሽግ ክፍል ያሉት ሠራተኞች ደግሞ ዕቃ እስኪመጣላቸው የሚቀመጡ ከሆነ፣ ማነቆው ማሽኑ ነው። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ የሚውልበት ቀን ካለ ግን ችግራችሁ ገበያ ነው። ያኔ ይህ ስሌት አያስፈልጋችሁም፤ ከተለዋዋጭ ወጪው በላይ የሚሸጠውን ሁሉ አምርቱ።

2. የእያንዳንዱን ምርት መዋጮ አውጡ

ከመሸጫ ዋጋ ላይ ተለዋዋጭ ወጪ ሲቀነስ የሚቀረው ኮንትሪቢዩሽን ማርጂን ይባላል። እኔ በአጭሩ መዋጮ እለዋለሁ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ዕቃ ለቤት ኪራዩ፣ ለደመወዙና ለትርፉ የሚያዋጣው ገንዘብ ነው።

ተለዋዋጭ የሚባለው አንድ ዕቃ በጨመራችሁ ቁጥር አብሮ የሚጨምረው ወጪ ነው፦ ጥሬ ዕቃ፣ ቀለም፣ ማሸጊያ፣ ማጓጓዣ፣ የሽያጭ ኮሚሽን፣ ማሽኑ ሲሠራ የሚበላው ኤሌክትሪክ። በወር ደመወዝ የሚከፈለው የማሽን ሠራተኛ እዚህ ውስጥ አይገባም። ወንበር ቢሠራም ባልዲ ቢሠራም ደመወዙ ያው ነው። የማሽኑ እርጅና ቅናሽና ኪራዩም እንደዚሁ። ሒሳብ ክፍል እነዚህን ለየምርቱ አከፋፍሎ የሚያወጣው «የአንድ ዕቃ ሙሉ ወጪ» ለሌላ ጉዳይ ይጠቅም ይሆናል፤ ለዚህ ውሳኔ ግን ያሳስታል።

የእኛ ሦስት ምርቶች እንዲህ ነበሩ። ወንበር በ500 ይሸጣል፣ ተለዋዋጭ ወጪው 340 ነው፣ 160 ያዋጣል። ሳጥን በ300 ይሸጣል፣ 190 ይወጣበታል፣ 110 ያዋጣል። ባልዲ በ140 ይሸጣል፣ 80 ይወጣበታል፣ 60 ያዋጣል።

የክርክሩ መነሻ እዚህ ላይ ይታያል። በፍሬ ካየነው ወንበር ይበልጣል። ከዋጋው አንጻር በመቶኛ ካየነው ደግሞ ባልዲ ይበልጣል፤ ወደ 43 በመቶ ይደርሳል፣ ወንበር ግን 32 በመቶ ብቻ ነው። ሳጥንን ማንም አያነሳውም ነበር።

3. ማሽኑ በሰዓት ስንት ጥሩ ዕቃ እንደሚያወጣ ለኩ

ይህ ደረጃ ነው ከባዱ። እኔም የወደቅሁት እዚህ ላይ ነው።

የወንበሩ ሞልድ አዲስ ነበር። ከሞልዱ ጋር የመጣው ወረቀት አንድ ወንበር በ55 ሴኮንድ ይወጣል ይላል። ያንን ይዤ አሰላሁ፦ በሰዓት 65 ወንበር፣ በ160 ሲባዛ 10,400። ከሁሉም በለጠ። ወንበር ይቅደም ብዬ ዕቅዱን አጸደቅሁ። ሁለት ወር ሙሉ ባልዲውን ወደ ኋላ ገፍተን ወንበር አመረትን። ሽያጩ ጥሩ ነበር፤ እጃችን ላይ የሚቀረው ገንዘብ ግን ቀነሰ። የባልዲ ደንበኞችም መቅረት ጀመሩ።

አንድ ቀን ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ሰዓት ያዝኩ። ሞልዱ ይዘጋል፣ ፕላስቲኩ ይገባል፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። የወንበሩ እግር ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ማቀዝቀዣው ውኃ ደግሞ ከሚፈለገው በላይ ሞቅ ያለ ነበር። ሠራተኛው የማቀዝቀዣውን ጊዜ ከፍ አድርጎታል፤ አለዚያ ወንበሩ ሲወጣ ይጣመማል። ትክክለኛው ጊዜ 72 ሴኮንድ ነበር። በሰዓት 50 ማለት ነው። ከዚያም ላይ ከአሥሩ አንዱ እየተጣመመ ይጣላል። ለገበያ የሚሆነው በሰዓት 45 ብቻ ሆኖ ተገኘ።

የሚጣለውን ዕቃ ንቀን የነበረው ተፈጭቶ ተመልሶ ጥሬ ዕቃ ስለሚሆን ነው። ፕላስቲኩ በእርግጥ ይመለሳል። የተጣለውን ወንበር ለመሥራት የጠፋው 72 ሴኮንድ ግን አይመለስም። ማሽኑ ማነቆ በሆነበት ቤት የብልሽት ትልቁ ኪሳራ ጊዜው ነው።

ስለዚህ የሞልዱን ወረቀትም፣ የማሽኑ ስክሪን ላይ ያለውንም ቁጥር አትመኑ። የፈረቃ መዝገብ አውጡና ጥሩ ሆኖ ወደ መጋዘን የገባውን ብዛት ማሽኑ ለዚያ ምርት በሠራበት ሰዓት አካፍሉ። ቢያንስ የአሥር ፈረቃ አማካይ ውሰዱ። በ8 ሰዓት ፈረቃ 360 ጥሩ ወንበር ከገባ በሰዓት 45 ነው፤ አለቀ። እኛ ዘንድ ሳጥን 90፣ ባልዲ 150 ሆነው ወጡ።

በዚሁ መዝገብ ላይ በሳምንት ያላችሁን ትክክለኛ ሰዓትም አውጡ። እኛ በስድስት ቀን፣ በሦስት ፈረቃ 144 ሰዓት አለን ብለን እናስብ ነበር። ለጥገና 10 ሰዓት ይሄዳል። ሦስት ጊዜ ሞልድ ስንቀይር እያንዳንዱ 4 ሰዓት ይወስዳል፣ 12 ሰዓት። በልዩ ልዩ ምክንያት ማሽኑ የሚቆምበት ሌላ 12 ሰዓት አለ። የቀረን 110 ሰዓት ነበር።

4. መዋጮውን በሰዓት አውጥታችሁ ደርድሩ

```
መዋጮ በማሽን ሰዓት = የአንዱ ዕቃ መዋጮ × ጥሩ ዕቃ በሰዓት

ሳጥን   110 ×  90 = 9,900
ባልዲ    60 × 150 = 9,000
ወንበር  160 ×  45 = 7,200
```

ማንም የማያነሳው ሳጥን አንደኛ ወጣ። ወንበር መጨረሻ።

አሁን ሰዓቱን ከላይ ጀምራችሁ አድሉ፤ ለእያንዳንዱ ግን ገበያው ከሚወስደው በላይ አትስጡ። ሳጥን በሳምንት 4,500 ይሸጣል፣ 50 ሰዓት ይፈልጋል። ባልዲ 6,000 ይሸጣል፣ 40 ሰዓት ይፈልጋል። የቀረው 20 ሰዓት ለወንበር ይሆናል፣ 900 ወንበር። ገበያው 2,250 ወንበር ይፈልግ ነበር፤ ያንን ሁሉ ማድረስ አንችልም። በዚህ ድልድል የሳምንቱ መዋጮ 999,000 ይሆናል። በቀድሞው ዕቅድ ወንበር 50 ሰዓት፣ ሳጥን 50፣ ባልዲ 10 ሰዓት ስናደርግ የሚመጣው 945,000 ነበር። በሳምንት 54,000 እናጣ ነበር ማለት ነው፤ ዋጋ ሳይቀየር፣ ሰው ሳይጨመር፣ በቅደም ተከተሉ ብቻ።

ለዚህ ልዩ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ አንድ የኤክሴል ገጽ ይበቃል። ሁለተኛ ማነቆ ካለ ግን፣ ለምሳሌ ጥሬ ዕቃውም በኮታ የሚሰጥ ከሆነ፣ ይህ አደራደር ይሰናከላል። በማሽን ሰዓት የሚበልጠው በኪሎ ሊያንስ ይችላል። ያኔ በኤክሴል ውስጥ ያለውን ሶልቨር ተጠቀሙ። ቃል የገባችሁት ትዕዛዝ ካለም መጀመሪያ የእሱን ሰዓት ቀንሱና በቀረው ላይ ደርድሩ።

5. የመጨረሻው ሰዓት ስንት እንደሚያወጣ እወቁ

ብዙ ሰው ደርድሮ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ከስሌቱ ሁሉ በየቀኑ የተጠቀምኩበት ይህን ቁጥር ነው። አንድ ሰዓት ብናጣ የሚቀንሰው ወንበር ነው፤ አንድ ሰዓት ብናገኝም የሚጨመረው ወንበር ነው። ስለዚህ የማሽናችን ሰዓት ዋጋ 7,200 ነው፤ የሳጥኑ 9,900 አይደለም።

በዚህ ቁጥር ብዙ ነገር መወሰን ይቻላል። እሑድ ለመሥራት በሰዓት ተጨማሪ 2,500 ይወጣል ቢባል፣ ያልደረሰ የወንበር ትዕዛዝ እስካለ ድረስ በሰዓት 4,700 ይተርፋል፤ ሥሩ። ሌላ ፋብሪካ ባልዲውን በ110 ላምርትላችሁ ቢል፣ በውድ ነው ብላችሁ ወዲያው አትመልሱት። ከእያንዳንዱ ባልዲ 30 እናጣለን። 150 ባልዲ ስንሰጠው 4,500 እናጣና አንድ ሰዓት እናገኛለን፤ በዚያ ሰዓት ወንበር ሠርተን 7,200 እናገኛለን። ያዋጣል።

የትንሽ ትዕዛዝ ነገርም በዚሁ ይታያል። አንድ ደንበኛ በተለየ ሞልድ የሚሠራ 50 ሳጥን ፈልጎ መጣ። በፍሬ 110 ያዋጣል፣ በድምሩ 5,500። ሥራው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፣ ሞልዱን መቀየሩ ግን 4 ሰዓት። አራት ሰዓት ተኩል በ7,200 ሲሰላ 32,400 ነው። ልዩነቱን ከዋጋው ላይ ካልጨመረ በስተቀር አንቀበልም አልን። በሰዓት የወጣው ሰንጠረዥ ብቻውን ይህን አያሳይም፤ ምክንያቱም ሞልድ መቀየር ለእያንዳንዱ ዕቃ ሳይሆን ለአንድ ዙር የሚወጣ ጊዜ ነው።

6. አንድ ነገር በተቀየረ ቁጥር እንደገና አስሉ

የጥሬ ዕቃ ዋጋ ሲንቀሳቀስ፣ መሸጫ ዋጋ ሲቀየር፣ ሞልድ ሲታደስ። እኛ በመጨረሻ የወንበሩን ማቀዝቀዣ ውኃ አስተካከልን። ጊዜው ከ72 ወደ 60 ሴኮንድ ወረደ፤ የሚጣለውም ከአሥር አንዱ የነበረው ከሃያ አንድ ሆነ። በሰዓት 57 ጥሩ ወንበር ማለት ነው፣ በ160 ሲባዛ 9,120። ወንበር ባልዲን በ120 በለጠው። የመጨረሻዎቹ ሰዓታት ወደ ባልዲ ዞሩ፣ የማሽኑ ሰዓት ዋጋም ከ7,200 ወደ 9,000 ከፍ አለ። በዚያው ሳምንት የባልዲውን ስምምነት እንደገና ማስላት ነበረብን።